ሦስት ዓይነት ዓይን ያላት ሙሽራ

ሙሽራዋ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ዓይኖቿ የማር ቀለም ነበሩ። እኩለ ቀን ገደማ አንዱ የማር፣ አንዱ ጥቁር ቡናማ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ጥቁር ቡናማ። ይህን ያወቅኩት ሰርጉ ላይ ተገኝቼ አይደለም። የፎቶ ቤታችን ባለቤት ሰኞ ጠዋት ስድስት መቶ አርባ ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጦ፣ «ቆንጆ ሰርግ ነበር፤ ብዙም አያለፋሽም» ብሎኝ ከወጣ በኋላ ነው።

እሱ ሰውዬ «ብዙም አያለፋሽም» ባለኝ ቁጥር ጨጓራዬን እንደሚልጠው ከዘጠኝ ዓመት ልምዴ አውቃለሁ።

የምሠራበት ክፍል ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የስክሪኑ ቀለም እንዳይዛባብኝ መስኮቱን በካርቶን ደፍኜዋለሁ። ግድግዳውንም ራሴ ግራጫ ቀብቼዋለሁ። ሰው ሲገባ «እዚህ ውስጥ እንዴት ትኖሪያለሽ?» ይለኛል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ሰው ካልገባ። ሥራዬ ፎቶ ማስተካከል ነው፦ ብጉር ማጥፋት፣ ከጀርባ የቆመ የቆሻሻ በርሜል ማንሳት፣ ላብ የጠጣ ሸሚዝ ማድረቅ። ጥሩ ከሠራሁ ማንም አያውቅልኝም። ካበላሸሁ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

ፎቶዎቹን ስገላብጥ መጀመሪያ የገረመኝ የማር ቀለሙ አልነበረም። መሃል ላይ ያሉት ሠላሳ ስምንት ፎቶዎች ናቸው። ሙሽራዋ በአንድ ዓይኗ ሌላ ሰው፣ በሌላው ራሷን ሆና ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ኬክ ትቆርጣለች። ሮጬ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ዓይኗ ላይ የቀለም ሌንስ አድርጋ ነበር። አንዱ ወድቆባታል። አላዩም?»

ካሜራውን እያጸዳ ነበር፤ ቀና አላለም። «ወንድሟ አቅፏት ስታለቅስ የሆነ ነገር ወደቀ ተብሎ ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ሲዳብስ አይቻለሁ። የጆሮ ጌጥ መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከቅርብ አንስተዋታል እኮ!»

«እኔ የማየው ብርሃኑን ነው እንጂ ዓይኗን ነው እንዴ?» አለኝ፤ የፎቶ አንሺ መልስ።

ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ስልክ ተደወለ። የሙሽራዋ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ፎቶውን የምታስተካክዪው። ስሚኝማ። ያንን የድመት ዓይን አጥፊልኝ። ፈጣሪ የሰጣትን ዓይን መልሺላት። ነገ ዘመድ አልበሙን ሲገልጥ ይቺ የማን ልጅ ናት ይበለኝ?»

«እሺ እናቴ፣ ከልጅዎ ጋር ተነጋገሩና…»

«እሷን ተዪያት! ሃያ ስምንት ዓመት አነጋግሬያታለሁ፣ አልሰማችኝም። አሁን ትሰማኛለች?»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሙሽራዋ ራሷ ደወለች። ድምጿ ሰርግ ከጨረሰ ሰው ሳይሆን ፍርድ ቤት ከሚሄድ ሰው የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እናቴ ደወለችልሽ አይደል? አትስሚያት። ሁሉም ፎቶ ላይ ዓይኔ የማር ቀለም ይሁን። አንድም ሳይቀር። ሰርጉ የኔ ነው።»

«እናትሽ እኮ…»

«ሰርጉ የኔ ነው አልኩሽ እህቴ።»

ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሳሩ እኔ ነኝ። ለባለቤቱ ብነግረው፣ «ሁለቱንም እሺ በያቸው» አለኝ። ሁለቱንም እሺ ብዬ ምን ልሠራ ነው? አንድ ዓይን ለእናት፣ አንድ ዓይን ለልጅ? እሱማ ተሠርቶ አልቋል፤ ሠላሳ ስምንት ፎቶ አለ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በማግስቱ ድዴ አበጠና የመንጋጋ ጥርሴን ተነቀልኩ። ሐኪሙ ሁለት ቀን ተኚ አለኝ። እኔ በጉንጬ ላይ በረዶ ይዤ ተጋድሜ ሳለ፣ ባለቤቱ ሥራውን ለባልደረባዬ ሰጠው። ይህ ባልደረባዬ የሁለት ልጆች አባት፣ መላጣ፣ ደግ ሰው ነው፤ ስሙን ግን የሚጠራው የለም። ሁላችንም «መብረቅ» ነው የምንለው። የጉርድ ፎቶ በአራት ደቂቃ አንስቶ፣ አስተካክሎ፣ አትሞ፣ ቆርጦ ይሰጣል። ለጉርድ ፎቶ ከመብረቅ የሚሻል የለም። ለዓይን ግን መብረቅ ምን ያደርጋል?

ሦስተኛው ቀን ጉንጬን ይዤ ስገባ ሙሽራዋ ክፍሌ ውስጥ ቆማ ትጮሃለች። መብረቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ይቺ እኔ ነኝ? ይቺ እኔ ነኝ ወይ? ሬሳ ናት እኮ! አሻንጉሊት!»

ስክሪኑን አየሁት። እውነቷን ነው። መብረቅ አንድ የማር ቀለም መርጧል፤ ድቡልቡል ብሩሽ ይዞ፣ ብሌኑን የሚከበውን ባለቀለም ክብ ከዳር እስከ ዳር ደፍኖታል። ጥቁሩ ብሌን ራሱ ጠርዙ ተበልቶ አንሷል። ዓይን ውስጥ የምታበራዋን ነጭ የብርሃን ነጥብ ቀለም አልብሷታል። በባለቀለሙ ክብና በነጩ መካከል ያለው ጥቁር ጠርዝ ጠፍቷል። ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ፊቷ ላይ ተሰፍተዋል ማለት ይቀላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ዘጠና ሰባት ነው። በሁለት ቀን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ቀለሙ የማር ነው እኮ» አለ መብረቅ ቀስ ብሎ። «የማር ይሁን አላችሁ፣ የማር አደረግኩት።»

«ውጣልኝ የኔ ጌታ» አልኩት በግማሽ አፌ፤ ግማሹ ገና እንዳበጠ ነው። «ሂድና ጉርድህን አንሳ።»

ሙሽራዋን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደንበኛ አጠገብ ተቀምጦ ሲያይ፣ ሥራ መሥራት ሳይሆን የመንጃ ፈቃድ ፈተና መፈተን ነው።

የመብረቅን ሥራ ጥዬ ዋናውን ፎቶ ከፈትኩ። መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ብቻዋን፣ ሁለቱም ሌንሶች ከወጡ በኋላ የተነሳች ናት። ከሁሉም ፎቶ የምታምረው እዚህ ላይ ነው።

«እዪ እንግዲህ» አልኳት። «ዓይንሽ ጥቁር ቡናማ ነው። በጥቁር ላይ የማር ቀለም ቢያርፍ አይታይም፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሻይ እንደማፍሰስ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ባለቀለሙን ክብ ብቻ ማንጣት አለብኝ። ብሌኑን ሳልነካ፣ ነጩን ሳልነካ።»

«ብሩህ አድርጊው።»

«ትንሽ በትንሽ ነው። ላይኛው ክፍሉ የሽፋሽፍትሽ ጥላ ያርፍበታል፤ እሱ ጨለም እንዳለ ይቆያል። ብርሃን ከወዲህ በኩል ስለገባ ደግሞ ከትይዩው በኩል፣ ከታች፣ ትንሽ ይፈካል። እንዲህ ካልሆነ ዓይኑ ክብ መሆኑ ይቀርና ወረቀት ይሆናል።»

«ያቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት? ብሌኔ ላይ ያለችው። አቧራ ናት? አጥፊያት።»

«እሷማ መስኮቱ ናት።»

«የምን መስኮት?»

«አጠገቡ የቆምሽበት መስኮት ነዋ! ዓይንሽ ላይ እየታየ ነው። ጠጋ በይ፤ አራት ማዕዘን ናት፣ መሃሏ ላይ የመስኮቱ ፍሬም መስመር አለ።»

«ቆሻሻ ትመስላለች። አጥፊያት።»

ማስረዳት ሲሰለቸኝ ማሳየት ይቀለኛል። አጠፋሁላት። የሁለቱም ዓይኖች ብርሃን አንድ ላይ ጠፋ፤ ፊቷ እዚያው እያለ ሴትየዋ ከውስጥ ወጥታ ሄደች።

«ኧረ መልሺ! መልሺ!» አለችና ክንዴን ያዘችኝ።

መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ነጥብ ትንፍሽ አላለችም። ግን ገና ሌላ ነበራት። «ዳሩ ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው? ሌንሱ ላይ እኮ እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር አልነበረም። እሱንም የማር አድርጊው።»

ተነፈስኩ። ጥርሴ የነበረበት ቦታ ይነዝረኛል። «የኔ እህት፣ ይሄ ቀለበት ነው ዓይንን ከነጩ ጋር የሚያያይዘው። ስለታም መስመር አይደለም፣ እየደበዘዘ ይገባል። እሱን ካጠፋሁ ዓይንሽ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። መብረቅ የሠራው ይሄንኑ አይደል?»

«እኔ ግን የምፈልገው…»

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» ጮህኩ መሰለኝ። «ቆይ፣ ንገሪኝ። ቆንጆ ዓይን አለሽ። ሰው ይህን ዓይን ቢያገኝ ምን አጣ? እናትሽ ጥቁር ይሁን ይላሉ፣ አንቺ የማር ትያለሽ፣ የትኛው ማር እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገርሽኝም። የማር ቀለም ስንት ዓይነት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ቦርሳዋን ከፍታ፣ በማስታወሻ ደብተር መካከል የተቀመጠ አሮጌ ፎቶ አወጣች። ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ቀለሙ ትንሽ ወደ ቀይ ያደላ፣ ግን ጥርት ያለ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በራፍ ላይ ተቀምጦ፣ ፀሐይ ከጎኑ መትታው፣ ካሜራውን ያያል። ዓይኑ የማር ቀለም ነው።

«ይሄኛው ማር» አለች።

አባቷ ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሦስት ወንድሞች አሏት፤ ሦስቱም የአባታቸውን ዓይን ወስደዋል። ቤት ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጨዋታው አንድ ነው፦ «ትልቁ ቁርጥ አባቱን! ትንሹ ቁርጥ አባቱን!» እሷ ላይ ሲደርሱ፣ «እሷማ የእናቷ ናት» ብለው ያልፋሉ።

«እናቴን መምሰል አልጠላሁም» አለችኝ። «ግን አባባ ለሰርጌ አልደረሰልኝም፤ አንድ ቀን እንኳን፣ ያን ቀን ብቻ፣ የሆነ ነገሩን ይዤ ልግባ ብዬ ነው። ለናቴ ይሄን ብላት ታለቅሳለች። ስለዚህ ፋሽን ነው አልኳት። እሷም ‹ዓይን አውጣ› አለችኝ። ከዚያ ወንድሜ አቅፎኝ ‹አባባ ቢያይሽ› ሲለኝ አለቀስኩና ሌንሱ ወደቀ።»

ተናድጄ ስለነበር በአንድ ጊዜ ወደ ሐዘን መዞር አቃተኝ። «ይህን ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ…» አልኩና ተውኩት። የአባቷን ፎቶ ተቀብዬ ስካነሩ ላይ አስተኛሁት።

ሥራው ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ። ቀይ የሆነውን አሮጌ ቀለም አስተካክዬ ከአባትየው ዓይን ላይ ቀለሙን ወሰድኩ፤ አንድ ቀለም ሳይሆን ሦስት፦ ብሌኑ አጠገብ ሞቅ ያለ፣ መሃል ላይ ቀለል ያለ ወርቃማ፣ ወደ ዳር ወደ ቡናማ የሚያደላ። ከዚያ የእሷን ዓይን እስኪሞላው ስክሪኑን አጎላሁና፣ ካሜራው ካስቀመጠው፣ ገና ካልተነካው ጥሬ ፋይል ላይ ጨለማውን በጥቂቱ ማንሳት ጀመርኩ።

የጥቁር ዓይን ነገር እንዲህ ነው፤ ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል። ጨለማው ሲነሳ ግን ውስጡ ባዶ አይደለም። ከብሌኑ ወደ ዳር የሚሄዱ እንደ ጭረት ያሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አንዳንዱ ተጣምሟል፣ አንዳንዱ ተቋርጧል። ቀለሙን በላዩ ላይ ሳፈስ የሚያየው ሰው እንዲያምን የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፤ ስለዚህ ቀለሙ እንደ ቀጭን ብርጭቆ እንዲያሳልፋቸው አደርጋለሁ እንጂ አልሸፍናቸውም። ሌንሱ ግን ሸፍኗቸው ነበር። የጠዋቱን ፎቶ ከጎኑ ስከፍተው፣ የሌንሱ ቀለም በትናንሽ ነጠብጣብ የታተመ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ጠርዙን ስሠራ እጄ ቆመ። ቀለበቷ ወፍራም ነው። ከተለመደው የወፈረ፣ በተለይ ከላይና ከውጭ በኩል። ቡናማው ሲጨልም ከዓይኑ ጋር ተዋህዶ አይለይም፤ ውስጡን ሳፈካው ግን ልክ በከሰል የተከበበ መሰለ። ወደ አባቷ ፎቶ ዞርኩ። ዓይኑ ያን ያህል የሚጎላው ማር ስለሆነ ብቻ አልነበረም። በዚያ ፈካ ባለ ቀለም ዙሪያ እንደዚሁ ያለ ወፍራም ጥቁር ቀለበት አለ።

«ወንድሞችሽ ይሄ አላቸው?» አልኳት።

ስልኳን አወጣች። ሦስቱንም አየናቸው። ማር ናቸው፤ ጠርዛቸው ግን ስስ ነው፣ ደብዛዛ።

ስልኳን መልሳ ሳታስቀምጥ በሩ ተከፈተ። የሙሽራዋ እናት ናቸው። ከኋላቸው ባለቤቱ እጁን እያወናጨፈ ይከተላል፤ «እናቴ፣ እዚያ መግባት አይቻልም» እያለ። እኚህን ሴትዮ «አይቻልም» የሚላቸው ገና አልተወለደም።

«አልኩሽ አይደል!» አሉ ልጃቸውን እያዩ። «ያውና! ዛሬም ድመት ልትሆን መጥታለች። አንቺስ ልጄ፣ እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«እናቴ፣ እኔ ሁለታችሁንም እሺ ብያለሁ» አልኩ። ድካሙ አፌን ከፍቶት ነበር። «ሁለታችሁም እዚህ ክፍል ውስጥ ስትገናኙ ይኸው የመጀመሪያችሁ ነው። እባካችሁ እርስ በርስ ተነጋገሩና አንድ ቃል ስጡኝ። ዓይን ነው የምሠራው፤ ዳኛ አይደለሁም።»

«ምን እነጋገራለሁ? ሰው በራሱ ዓይን ያፍራል? እናቷን መምሰል አሳፍሯት ነው! እኔን! ባሌ እንኳን ይህን ዓይን…» አሉና እጃቸው ወደ ስክሪኑ እንደተዘረጋ ቀረ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይኖች ጎን ለጎን ነበሩ። በግራ የአባትየው፣ በቀኝ የልጅቷ። ፊት የለም፤ ዓይን ብቻ፣ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ ያክላል።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ።

«በግራ ያለው የአባባ ነው» አለች ልጅቷ።

«እሱንማ አውቄዋለሁ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ሊጠፋኝ ነው? ይሄኛው የማን ነው?»

«የኔ።»

እናትየው መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ቀረው። «ሌንስ ነው?»

«ሌንስ አይደለም» አልኩ። «ቀለሙን እኔ ነኝ የቀየርኩት። የቀረው የራሷ ነው። ክሩም፣ ብርሃኑም፣ ይሄ ዳር ያለው ጥቁር ቀለበትም። ቀለበቱን አልነካሁትም።» ላረጋግጥላቸው በላዩ የደረብኩትን የቀለም ሽፋን አጠፋሁት፤ ዓይኑ ቡናማ ሆነ። አበራሁት፤ ማር ሆነ። ቀለበቱ በሁለቱም ጊዜ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እናትየው ጣታቸውን አንስተው፣ ስክሪኑን ሳይነኩ፣ በአየር ላይ ቀለበቱን ዞሩት። «በኩል የተኳለ ይመስላል እለው ነበር» አሉ። «ወንድ ልጅ ተኩሎ ይወጣል ወይ እያልኩ እቀልድበት ነበር። ይናደድብኝ ነበር።» ባለቤቱ እንኳን በር ላይ እጁን አውርዷል። «ልጆቹ አልወሰዱትም። ቀለሙን ወሰዱ እንጂ ይሄንን አንዳቸውም አልወሰዱትም። እኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እናትየውም ቀጠሉ። ያቺ ጠባብ ክፍል ሁለት የሚያለቅሱ ሰዎች አትችልም። ወጥቼ መብረቅ ጋ ተቀመጥኩ። «ይቅር አሉኝ?» አለኝ። «አንተን ረስተውሃል» አልኩት፤ ደስ አለው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲያ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ እናትየው ደወሉ። «ልጄ፣ ተባረኪ። ሁሉም ፎቶ እንደዚያ ይሁን። የማር።»

«ጥሩ» አልኩና ጻፍኩ፦ ሁሉም ማር። እጄን አፍታትቼ ስድስት ያህል ሠርቼ ሳልጨርስ ልጅቷ ደወለች።

«እህቴ፣ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። የራሴ ይሁን። ጥቁር ቡናማው። አሁን ምን እንዳለበት አውቄዋለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «ሁሉም ማር» ብዬ ከጻፍኩት ጎን የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ለአንድ ሳምንት አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ማር እያሉ ሲያደርቁኝ ከርመው፣ አሁን ቦታ ተለዋወጡ! እናት የልጅን፣ ልጅ የእናትን ወሰደች። ስልኩን አነሳሁና ትዕግስቴ ከተሟጠጠበት ቦታ ተናገርኩ። «ባልሽን ስጪኝ።»

«ምን?»

«ባልሽ ቤት ካለ ስጪኝ። ሦስተኛ ሰው ይፍረድ።»

ሙሽራው መስመር ላይ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ገና አሁን የነቃ ድምፅ። «የትኛውን ትመርጣለህ?» አልኩት። «ሌንስ ያለውን ዓይን ወይስ የሌለውን?»

«ሌንስ አድርጋ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ከስልኩ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። ዘጋሁት።

በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ አልበሙ በሙሉ በራሷ ዓይን ይሆናል፤ መስኮቱ አጠገብ የተነሳችው አንዷ ፎቶ ብቻ በማር ቀለም በትልቁ ታትማ ለእናትየው ሳሎን ትሰጣለች። ለማንም የሚቀል ይመስላል። ለእኔ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። ምክንያቱም አሁን መለወጥ ያለባቸው ሁለቱም ሌንሶች ከወጡ በኋላ የተነሱት ሳይሆኑ ከዚያ በፊት የተነሱት ናቸው፤ ጠዋት የተነሱት ሁሉና ሠላሳ ስምንቱ። በእነዚያ ላይ ዓይኗ በሌንስ ተሸፍኗል። ቀለሙን ባጠቁረው የታተመው ነጠብጣብ አብሮ ይጠቁራል እንጂ የራሷ ክሮች ከየት ይመጣሉ?

ስለዚህ ከሰዓት ከተነሱት ፎቶዎች ወሰድኩ። ለእያንዳንዱ የጠዋት ፎቶ፣ ወደዚያው አቅጣጫ የምታይበትን፣ ብሌኗም በዚያው መጠን የተከፈተበትን የከሰዓት ፎቶ መፈለግ ነበረብኝ። ክሩንና ቀለበቱን ከዚያ አምጥቼ እተክላለሁ፤ የብርሃኑን ነጥብ ግን አላመጣም። ጠዋት የተነሳችው ወደ በሩ ዞራ ነው፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው በሩ ነው። የከሰዓቱን መስኮት አብሬ ባመጣ፣ በር ፊት ቆማ መስኮት የምታንጸባርቅ ሴት ትሆናለች። ማንም አያስተውለው ይሆናል፤ ግን የሚያይ ሰው ሳያውቀው የሆነ ነገር ይቀፈዋል። ስለዚህ የጠዋቱን ነጥብ በቦታው ጠብቄ፣ በሥሩ የከሰዓቱን ዓይን አስገባሁ። ከሩቅ የተነሳውን ፎቶ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከቅርብ የተነሱት ግን ግማሽ ቀን በልተውኛል። ሠላሳ ስምንቱ ላይ ቢያንስ ሁለተኛው ዓይን አጠገቡ ስለነበር ምን መምሰል እንዳለበት ይነግረኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ መካከል ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ «አላለቀም እንዴ?» አለኝ፤ መብረቅ ሦስት ጊዜ «ልርዳሽ?» አለኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሩን ዘጋሁ። እናትየው የሚደውሉት በየሁለት ቀኑ ነበር፤ ስለ ፎቶው አይደለም፣ ጥርሴ ዳነ ወይ ብለው ነው። ይህም ቢሆን ሥራ ያስፈታል።

ሊረከቡ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ እናት፣ ልጅ፣ ምስኪኑ ባል፣ ከወንድሞቿም ትልቁ። ትልቁን ፎቶ ከወረቀቱ ስንፈታው ወንድምየው የእህቱን ፊት አየ፣ ከዚያ ፎቶውን፣ ከዚያ እንደገና እሷን። «ዓይኗ ላይ ምን አደረጋችሁበት?» አለኝ።

«ቀለሙን ብቻ።»

«አይደለም» አለ። «አባባ ነው እኮ ይሄ። እኔ ራሴ እንዲህ አልመስለውም።» ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። እህቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፤ እናትየውም «ተዋት፣ አንተ ሠላሳ ዓመት ስትመሰገን ኖረሃል» አሉትና ፎቶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ።

ከአልበሙ የናሙና ቅጂ ስለሚቀርልን፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ባለቤቱ ባንኮኒው ላይ ገለጠው። ገጽ በገጽ አየው፤ ጠዋቱን፣ እኩለ ቀኑን፣ ከሰዓቱን። ሙሽራዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ናት። መነጽሩን አወለቀና ጠየቀኝ፦

«ይሄ እኔ ያነሳሁት ነው፣ ምንም አልተቀየረም። እስቲ ንገሪኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»

መብረቅ ከካሜራው ጀርባ ሳቁን ለመያዝ አፉን ሸፈነ። እኔ ግን ቦርሳዬን አንስቼ፣ «ጋሼ፣ ሰኞ እንገናኝ» ብዬ ወጣሁ። ውጭ ፀሐዩ ለዓይኔ ከበደኝ። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ውሃ ስገዛ፣ ሻጯ ቀና ብላ ስታየኝ፣ ሳልፈልግ ዓይኗ ውስጥ በሩን ፈለግኩ። ነበረ።